ከውጭ አገር ባልደረቦች ጋር ስንሠራ ምን ዓይነት ዩዘርኔም ይሻላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የምናወራው በስላክ፣ በጊትሀብ፣ በኢሜይል ሰው እናንተን ሲፈልግ ስለሚጽፈው ስም ነው። መታወቂያ ላይ ስላለው ስም አይደለም። ሁለቱ ቢመሳሰሉ ደስ ይላል፤ ግን ሥራቸው ይለያያል። ዩዘርኔም አንድ ሰው ስማችሁን በስብሰባ ላይ ሰምቶ፣ አማርኛ ሳይችል፣ በራሱ ኪቦርድ ጽፎ እንዲያገኛችሁ ነው።

ስሜን በራሴ ፊደል ብጽፈውስ? ዛሬ ሁሉም ነገር ዩኒኮድ አይደል?

ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ቆይቷል፤ 1999 ላይ በወጣው ስሪት 3.0 ነው የገባው። ስለዚህ ስላክ ላይ «ፍሬሕይወት» ብላችሁ ብትጽፉ ባልደረባችሁ ስክሪን ላይ በደንብ ይታያል።

ችግሩ ከመታየቱ ላይ አይደለም፤ ከመጻፉ ላይ ነው። እሱ ኪቦርድ ላይ «ፍ» የለችም። ታግ ሊያደርጋችሁ ሲፈልግ ወይ የድሮ መልእክት ፈልጎ ኮፒ ያደርጋል፣ ወይ ይተወዋል። አብዛኛው ሰው ይተወዋል፣ እናንተም ጥያቄው ሳይደርሳችሁ ይቀራል።

ሌላም አለ። እኛም ለራሳችን እንቸገራለን። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ይጽፋል፣ አንዱ «ጸሀይ»። ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ጸ እና ፀ፣ ሐ እና ሀ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። አማርኛ ተናጋሪ ባልደረባችሁም በፍለጋ ላያገኛችሁ ይችላል ማለት ነው። ጊትሀብ ደግሞ ጭራሽ አይቀበልም። ከላቲን ፊደል፣ ከቁጥርና ከሰረዝ ውጪ በዩዘርኔም ውስጥ ምንም አያስገባም።

የግዕዙን ስም ጣሉት ማለቴ ግን አይደለም። ዲስፕሌይ ኔም ላይ ይግባ፤ ላቲኑን አስቀድማችሁ ግዕዙን አስከትሉ። `Frehiwot ፍሬሕይወት` እንደሚለው። ላቲኑ ይቅደም ያልኩት ሰው መጻፍ ሲጀምር የሚመጣው ዝርዝር በአብዛኛው የስሙን መጀመሪያ እያየ ስለሚመርጥ ነው። ወደዚህ ነገር እንመለሳለን፤ ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ራሱ ዩዘርኔም ሰጠኝ። ልቀበለው?

መጀመሪያ እዩት። ብዙ ድርጅት አንድ ቀመር አለው፦ የመጀመሪያ ስም አንድ ፊደል፣ ከዚያ «የቤተሰብ ስም»። ቀመሩ የተሠራው የቤተሰብ ስም ላላቸው ሰዎች ነው። እኛ ጋ ሁለተኛው ስም የአባት ነው።

ፍሬሕይወት አበራ የምትባል ሠራተኛ እንውሰድ። ቀመሩ `fabera` ያደርጋታል። በዓለም ላይ «ፋበራ» ብሎ የሚጠራት ሰው የለም። ባልደረቦቿ ግን ቀን ከሌት የሚያዩት እሱን ስለሆነ ወይ «ፋቤራ» ይሏታል፣ ወይ አበራን ለይተው አውቀው «አበራ» ይሏታል። በስብሰባ መሃል «አበራ ምን ትያለሽ?» ሲባል አባቷ የተጠሩ ያህል ይሆንባታል፤ ለመልስም ትዘገያለች። ወንድሟ ሰሎሞን እዚያው ቢቀጠር ደግሞ `sabera` ይሆናል፤ ሁለቱም የሚጠሩት በአባታቸው ነው።

እንግዲህ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን ጊዜው ወሳኝ ነው። የኢሜይል አድራሻው ከመከፈቱ በፊት፣ ማለትም ውሉ ተፈርሞ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ቀናት፣ ለአይቲ ክፍሉ ሁለት መስመር ጻፉ፦ ሁለተኛው ስሜ የአባቴ ስም ነው፣ የምጠራው በመጀመሪያው ነው፣ ዩዘርኔሜ `frehiwot` ይሁንልኝ፣ ከተያዘም `frehiwota`። አማራጩን አብራችሁ ስጡ። አማራጭ ካልሰጣችሁ ሰውየው የፈቀደውን ይሞላል። በእኔ እይታ ይህን መጠየቅ ምንም ድፍረት የለውም። አይቲ ክፍሎች እንዲህ ያለ ጥያቄ ለምደውታል፤ ካገቡ በኋላ ስም የሚቀይሩ ሠራተኞች ሁልጊዜ ይጠይቋቸዋል።

የኤችአር ፎርም ላይ ግን የአባትን ስም በቦታው ሙሉት። እሱ ከደመወዝና ከግብር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከፓስፖርቱ ጋር መግጠም አለበት። ዩዘርኔሙ ብቻ ነው የሚለየው።

ጥምር ስም ያላችሁ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ተጠንቀቁ። «ገብረ መድኅን» ብላችሁ ክፍተት ካስገባችሁ፣ ሲስተሙ `Gebre` የመጀመሪያ ስም፣ `Medhin` ደግሞ መካከለኛ ስም ነው ብሎ ይወስዳል። ግማሽ ስም ይዛችሁ ትቀራላችሁ። አያይዛችሁ `Gebremedhin` ብላችሁ ሙሉት፤ ፓስፖርቱ ላይ ተለያይቶ ከተጻፈ ግን ፎርሙን እንደ ፓስፖርቱ ሙሉና ዩዘርኔሙን ብቻ አያይዙት።

የራሴን ስም በላቲን ስጽፍ አምስት ዓይነት አጻጻፍ አለው። የቱን ልምረጥ?

የፍሬሕይወትን እስከ መጨረሻው እንሂድበት።

ስሟ `Firehiwot`፣ `Frehiwot`፣ `Frehiywot`፣ `Frehywet` ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። አማርኛ ለምናነብ ሰዎች ሁሉም ያው ነው። አሁን ግን አማርኛ የማይችል ሰው ዓይን ይዘን እንያቸው።

`Firehiwot`ን እንግሊዝኛ የለመደ ሰው ሲያየው መጀመሪያ የሚታየው `fire` ነው። «ፋየር ሂዎት» ይላል። ስህተቱ የእሱ አይደለም፤ ቃሉ እዚያ ተጽፎ ተቀምጧል። ከዚህም የባሰው በተቃራኒው ነው። ፍሬሕይወት በስልክ ስሟን ብትነግረው የሚሰማው «ፍሬ» ነው፤ ስለዚህ `f`፣ `r`፣ `e` ብሎ ይጀምራል። ሲስተሙ ውስጥ ያለችው ግን `fir` ብላ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ አትመጣም። ለቃሏ ሩቅ ያልሆነ ፍሬዲ የሚባል ሰው ይመጣና እሱ ታግ ይደረጋል።

`Frehywet` ላይ ደግሞ `y` እና `w` ተከታትለው ሲመጡ ሰው ይደናቀፋል። የት ላይ ይቆረጥ? ፍሬ-ሃይ-ወት? `Frehiywot`ም እንደዚያው ነው፤ `i` እና `y` አንዱ ለአንዱ ትርፍ ነው።

`frehiwot` ይሻላል። ስምንት ፊደል ነው። `fr` ብሎ መጀመር ለእንግሊዝኛም፣ ለፈረንሳይኛም፣ ለጀርመንኛም፣ ለስፓኒሽም ተናጋሪ የለመደው ነው። ፈረንሳዩ `h`ን ይውጣትና «ፍሬኢዎት» ይላል። ጀርመኑ `w`ን ሲያነብ «ቭ» ሊላት ይችላል። ይሁን። ሁለቱም ፍሬሕይወትን እየጠሩ እንደሆነ ትሰማለች፣ ሁለቱም ሊጽፉ ሲሉ `fre` ብለው ይጀምራሉ፣ ዝርዝሩ ላይ ትመጣለች።

ስለዚህ የእኔ መመዘኛ ይሄ ነው፦ ስሙን የሰማ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፊደሎች በትክክል ይገምታል ወይ? የቀረውን ዝርዝሩ ይጨርስለታል። መጨረሻው ላይ `wot` ይሁን `wet` ብዙም አትጨነቁ። መጀመሪያው ላይ ግን ተጨነቁ።

ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ኘ ምን ይሁኑ?

በዚሁ መመዘኛ ሂዱ።

«ቀ»ን ውጭ ያለ ሰው የሚሰማው እንደ «ከ» ነው። ቃልኪዳን ሲሰማ `kal` ብሎ ይጀምራል፤ ስለዚህ `kalkidan` ነው የሚሻለው። `qalkidan` ለእኛ ትክክል ሊመስለን ይችላል፤ ፈላጊው ግን `q` ላይ አይደርስም። ጠም `t` ብቻ ትሁን፣ ጨም `ch`። ጠንከር ብላ የምትወጣውን ድምፅ በአፖስትሮፍ ለማሳየት አትሞክሩ። ጊትሀብ አይቀበለውም፤ ብዙ የኢሜይል ፎርሞችም ስህተት ነው ብለው ይመልሱታል።

ጸ ግን በእውነት ታስቸግራለች። `Tsegaye`ን ጀርመንም፣ ጣሊያንም፣ ጃፓንም ያለ ችግር ያነባል፤ የ`ts` ድምፅ በቋንቋቸው አለ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ቃል መጀመሪያ ላይ ስላልለመደው `t`ን ይጥላትና `se` ብሎ ይፈልጋል። እኔ እዚህ ላይ ስሙ እንዳለ ይቀመጥ ባይ ነኝ። ስላክን በመሰለ ቦታ ሙሉ ስምና ዲስፕሌይ ኔም ሁለት የተለያዩ ሳጥኖች ናቸው፣ ሰው ሲፈልግ ሁለቱም ይታያሉ። ሙሉ ስሙን `Tsegaye` አድርጎ፣ ቡድኑ አዘውትሮ የሚሳሳተውን አጻጻፍ ሁለተኛው ሳጥን ላይ ማስገባት ይቻላል።

ኘን በተመለከተ ቡድኑን እዩ። ዳኛቸው `dagnachew` ተብሎ ሲጻፍ ፈረንሳዩና ጣሊያኑ `gn`ን በትክክል ያነባሉ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው «ዳግናቸው» ይላል። ለእሱ `ny` ይቀለዋል። ፓስፖርታችሁ ላይ `gn` ካለ ግን ለዚህ ብላችሁ አትቀይሩ፤ `dag` ብሎ መጀመርም ያስኬዳል።

ገን በተመለከተ ደግሞ ምንም ማድረግ አይቻልም ማለት ይቻላል። `Genet`ን እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ጀነት» ይላታል፣ ስፓኒሽ ተናጋሪ «ኸነት»። አንድ ጊዜ በድምፅ ማሳወቅ ነው መድኃኒቱ።

የሚጠብቅ ፊደልን በዩዘርኔም ውስጥ ደርባችሁ አትጻፉ። «ተሰማ»ን `tesemma` ብትሉት ሰሚው አንድ `m` ይሁን ሁለት የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ነጥብ፣ ሰረዝ፣ ቁጥር ላስገባ?

ባይኖር ይሻላል። እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ሕግ አለው። ጊትሀብ ሰረዝ ይቀበላል፣ ነጥብና አንደርስኮር አይቀበልም። ቴሌግራምና ኤክስ ደግሞ አንደርስኮር ይቀበላሉ፣ ሰረዝ አይቀበሉም። ስለዚህ `frehiwot-a` አንዱ ጋ ይገባና ሌላው ጋ `frehiwot_a` ይሆናል፤ ሰው ደግሞ የቱ የት እንደሆነ አያስታውስም።

ርዝመትም እንደዚሁ ነው። ቴሌግራም ከ5 ፊደል በታች አይፈቅድም፣ ኤክስ ከ15 በላይ አይፈቅድም። ጊትሀብ እስከ 39 ይሄዳል። ከ5 እስከ 15 ባለው ውስጥ፣ ትንንሽ ፊደል ብቻ ከሆነ፣ ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ስም መያዝ ይቻላል። `gebreegziabher` እንኳን 14 ነው፣ ይገባል፤ ግን ማንም አይጽፈውም። ቤት ውስጥ ገብሬ የምትባሉ ከሆነ `gebre` በቂ ነው።

ቁጥርን በተመለከተ በተለይ የትውልድ ዓመት አታስገቡ። `frehiwot85` ብላ በእኛ አቆጣጠር የጻፈች ልጅ፣ ሌላው ሁሉ 1985 ላይ እንደተወለደች ያስባል፤ እሷ ግን የተወለደችው በእነሱ አቆጣጠር 1992 ወይም 1993 ነው። ስምንት ዓመት ገደማ ትጨምራለች ማለት ነው። ስሙ ከተያዘ የአባት ስም አንድ ፊደል ጨምሩ፣ `frehiwota`። ካልሆነ የሙያችሁን አጭር ቃል ጨምሩ፣ `frehiwotdev`።

ቢያጥርስ? `fre` ብል?

አጭር ስም ራሳችሁ ከመረጣችሁት ጥሩ ነው። ካልመረጣችሁ ሌላ ሰው ይመርጥላችኋል፣ እሱ የመረጠው ደግሞ ይጣበቃል።

`fre` ግን በጣም አጥሯል። ሲጻፍ ፍሬዲም ፍሬያም አብረው ይመጣሉ፣ ቴሌግራምም አይቀበለውም። `frehi` ይሻላል። «ፍሬሂ» እኛም የምንለው ቁልምጫ ነው። `hiwot` ብሎ መቁረጥም ይቻላል፤ ግን ሕይወት የምትባል ሌላ ሰው ቡድኑ ውስጥ ብትመጣ ትደባለቃላችሁ። ከሁሉም በላይ ግን እናታችሁ ስትጠራችሁ «አቤት» በማትሉበት ስም አትጠሩ። ድንገት «ፍሬድ» ቢሏት ፍሬሕይወት በመጀመሪያው ሳምንት ላይ ታርማቸው፤ ሦስት ወር ከቆየ ለሰዎቹም እፍረት ይሆናል።

ፓስፖርቴ ላይ `Firehiwot` ነው የሚለው። ዩዘርኔሜ `frehiwot` ቢሆን ችግር ያመጣል?

ለዩዘርኔም አያመጣም። ውል፣ ባንክ፣ ቪዛ፣ የአውሮፕላን ትኬት ላይ ግን እንደ ፓስፖርቱ ይሁን፣ አንድ ፊደል ሳይቀየር። ጉዞ የሚያዘጋጅላችሁ ባልደረባ ትኬት ሲቆርጥ ስማችሁን ከስላክ ላይ ሊገለብጥ ይችላል። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲመጣ የፓስፖርቱን አጻጻፍ ራሳችሁ ላኩለት፣ እሱ እስኪጠይቅ አትጠብቁ።

ሰው እንደሚያነበው እንዴት ላረጋግጥ?

ሁለት ሰው ይበቃል፤ ቋንቋቸው የተለያየ ይሁን። ለአንዱ ዩዘርኔሙን በጽሑፍ ብቻ ላኩና ጮክ ብሎ እንዲያነብ ጠይቁት። እናንተ አስቀድማችሁ አትበሉት፤ ካላችሁት የሚደግመው የእናንተን ድምፅ ነው። ለሌላው በስልክ ስሙን አንድ ጊዜ ንገሩትና እንዲጽፈው ጠይቁት።

የመጀመሪያው ሰው ክፍለ ቃሎቹን በቅደም ተከተል ካለ፣ ድምፁ ወፈረ ቀጠነ ብላችሁ አትጣሉት። ክፍለ ቃል ከዘለለ ወይም ሌላ ቃል አድርጎ ካነበበ ግን አጻጻፉ ይቀየር። ሁለተኛው ከጻፈው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፊደሎች ብቻ እዩ። ከተሳሳተ የጻፈውን ያዙት፤ ሌሎችም የሚሳሳቱት እንደዚያው ነው፣ ዲስፕሌይ ኔም ላይ የሚገባውም እሱ ነው።

ያነባሉ፣ ግን አጠራሩ አሁንም ይበላሻል።

ዩዘርኔም ድምፅ አይሸከምም። ለዚያ ሌላ ቦታ አለው። ስላክ ፕሮፋይል ላይ አጠራርን በጽሑፍ የሚሞሉበት ሳጥንና ድምፅ የሚቀዱበት ቁልፍ አለ። ሊንክድኢን ላይም እስከ 10 ሰከንድ ይቀዳል፣ በስልኩ አፕ በኩል። ስትቀዱ ስማችሁን ሁለቴ በሉት፤ አንዴ በዝግታ ቆራርጣችሁ፣ አንዴ በተለመደው ፍጥነት። የአባት ስም አትጨምሩ፤ ሰሚው የቱን መያዝ እንዳለበት ይጠፋዋል።

በጽሑፉ ሳጥን ውስጥ `freh-HEE-wot` ብላችሁ ጻፉ። በትልቅ ፊደል የተጻፈው ጠበቅ ተደርጎ የሚባለው ክፍል ነው። እኛ ስንናገር ያን ያህል አናጠብቀውም፤ እነሱ ግን የሆነ ቦታ ማጥበቃቸው ስለማይቀር ቦታውን እናንተ ምረጡላቸው።

ዓመት የተጠቀምኩበትን ዩዘርኔም ልቀይር እፈልጋለሁ። ምን ይበላሻል?

ቦታው ይወስነዋል። ስላክ ላይ ዲስፕሌይ ኔም መቀየር ምንም አያበላሽም። ኢሜይል ከሆነ የድሮው አድራሻ አሊያስ ሆኖ እንዲቆይ አይቲን ጠይቁ፤ ወደ `fabera` የሚላከው ወደ `frehiwot` ይገባል፣ ማንም ልዩነቱን አያውቅም።

ጊትሀብ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስሙን ስትቀይሩ ወደ ሪፖዚተሪዎቻችሁ የሚወስዱት የድሮ ሊንኮች ወደ አዲሱ ይመራሉ። የድሮው የፕሮፋይል ሊንክ ግን አይመራም፣ ገጹ የለም ይላል። የድሮው ስምም ነፃ ይሆናል፤ ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። ያ ሰው በዚያ ስም ተመሳሳይ ስም ያለው ሪፖዚተሪ ከከፈተ ሊንኩ ወደ እሱ መሄድ ይጀምራል። ስለዚህ ሲቪ ላይ፣ ሰነድ ላይ፣ ኮድ ውስጥ ያሉትን ሊንኮች ራሳችሁ ቀይሩ፣ በመምራቱ አትተማመኑ።

ኮሚቶች ከአካውንታችሁ ጋር የሚያያዙት በኢሜይል ነው እንጂ በዩዘርኔም አይደለም። የጊትሀብን መደበቂያ ኢሜይል የምትጠቀሙ ከሆነ ግን እዩት። መጀመሪያው ላይ ቁጥርና የመደመር ምልክት ካለው ስሙ ቢቀየርም ኮሚቶቹ ከእናንተ ጋር ይቆያሉ። ቁጥር የሌለው የድሮው ዓይነት ከሆነ ይለያያሉ።

የፕሮጀክቱ ታሪክ ውስጥ በሁለት ስም ከታያችሁ ደግሞ ሪፖዚተሪው ሥር `.mailmap` የሚባል ፋይል ፍጠሩና አንድ መስመር ጻፉበት። አዲሱ ስምና ኢሜይል ይቀድማል፣ የድሮው ይከተላል፦

```
Frehiwot Abera <frehiwot@example.com> fabera <fabera@example.com>
```

ከዚያ `git shortlog -sne` ብላችሁ እዩ። ሁለት የነበረው መስመር አንድ ሆኖ፣ የኮሚቶቹ ብዛት ተደምሮ `Frehiwot Abera` በሚለው ሥር ይመጣል። ካልመጣ የድሮው ስም ወይም ኢሜይል በኮሚቱ ላይ ካለው ጋር አልገጠመም ማለት ነው፤ ከ`git log` ላይ ገልብጡት።